ሽፍታው ከእጥፋቱ ውስጥ ነው ወይስ ከእጥፋቱ ውጭ?

የሕፃን መቀመጫ ሲቀላ አብዛኛው ቤት የሚሰጠው ፍርድ አንድ ነው፤ «ዳይፐሩ አቃጠለው» ይባላል። ከዚያ በቤት ያለው ቅባት ሁሉ ይወጣል። ቫዝሊን፣ የሕፃን ዘይት፣ ለጋ ቅቤ፣ ጎረቤት ለራሷ ልጅ ከመድኃኒት ቤት ገዝታ የተረፋት ቱቦ። ብዙውን ጊዜ ሽፍታው በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ይጠፋልና የትኛው እንዳዳነው የሚጠይቅ የለም። ጥያቄው የሚመጣው አልድን ሲል ነው። ያው ቅባት፣ ያው እጅ፣ ያው ጥንቃቄ፤ ሕፃኑ ግን ዳይፐሩ ሲከፈት መጮኽ ጀምሯል፣ ቀዩም ወደ ብሽሽት ወርዷል።

በዚያች ትንሽ ቦታ ላይ የሚታዩት ሽፍታዎች አንድ ዓይነት ስላልሆኑ ነው ይህ የሚሆነው። ከሁሉም የተለመዱት ሁለት ናቸው። አንደኛው ቆዳው በእርጥበት፣ በሽንት፣ በዓይነ ምድርና በጨርቅ መታሸት ተጎድቶ የሚመጣ ነው፤ ሐኪሞች በመነካካት የመጣ ብግነት ይሉታል፣ የሚያክመውም መድኃኒት ሳይሆን ደረቅ ቆዳና መከላከያ ቅባት ነው። ሁለተኛው ካንዲዳ የሚባል፣ ከእርሾ ወገን የሆነ ፈንገስ በተጎዳው ቆዳ ላይ ተራብቶ የሚያመጣው ነው። ይህኛው የፈንገስ መድኃኒት ካላገኘ ቫዝሊን ቢለቀለቅበት አይለቅም። ሁለቱን ለመለየት ላቦራቶሪ የሚያስፈልግበት ጊዜ ጥቂት ነው። ዳይፐሩን ከፍቶ፣ የሕፃኑን እግሮች ቀስ አድርጎ ዘርግቶ፣ ብሽሽቱንና የቂጡን መሐል በብርሃን ማየት አብዛኛውን ይነግራል።

ተራው ሽፍታ ያለበት ቦታ ዳይፐሩ የሚነካው ቦታ ነው። የቂጡ ጉብታ፣ የእንብርት ሥር፣ የጭን ውስጠኛ ክፍል፣ የወንዱ ቆለጥ ከረጢት፣ የሴቷ የውጭ ከንፈር ይቀላሉ፣ ያብረቀርቃሉ፣ አንዳንዴም ይላጣሉ። ብሽሽቱ ሲገለጥ ግን በእጥፋቱ ውስጥ የተደበቀው ቆዳ እንደነበረ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ቆዳ ከቆዳ ጋር ተጣብቆ በታጠፈበት ቦታ ሽንቱም ዓይነ ምድሩም በቀላሉ አይደርሱም፣ ዳይፐሩም አያሸውም።

የፈንገሱ ሽፍታ ተቃራኒ ጠባይ አለው። እጥፋቱን ይወዳል። ሞቃት፣ ጨለማና እርጥብ ስለሆነ ብሽሽቱንና የቂጡን መሐል ይይዛል፣ ከዚያ ወደ ውጭ ይሰፋል። ቀለሙ እንደ ጥሬ ሥጋ የጠለቀ ቀይ ነው። ጠርዙ ተለይቶ ይታያል፣ ብዙ ጊዜም ጠርዙ ላይ ስስ ነጭ ቅርፊት አለ። ከሁሉ ይበልጥ የሚያጋልጠው ግን ከዋናው ቀይ መደብ ወጣ ብለው፣ በጤናማው ቆዳ ላይ ተበትነው የሚታዩት ትናንሽ ቀይ ነጥቦች ናቸው። አንዳንዶቹ ጫፋቸው ላይ ጠብታ መግል የመሰለ ነገር ይይዛሉ። እጥፋቱ ተይዞ፣ ዙሪያው ላይ እንዲህ ዓይነት ነጥቦች ከታዩ ካንዲዳ የመሆኑ ዕድል እጅግ ሰፊ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መነገር አለበት፤ ስለ ሕፃናት ሽፍታ የሚጻፉ ብዙ ጽሑፎች የሚዘሉት ነውና። «ቀይ» የሚለው መግለጫ የተሠራው በነጭ ቆዳ ላይ ነው። ጠይም ወይም ጥቁር ቆዳ ያለው ሕፃን ላይ ብግነቱ ቀይ ሆኖ ላይታይ ይችላል። ከአካባቢው ቆዳ ጠቆር ያለ፣ ወይን ጠጅ የመሰለ፣ አንዳንዴም ግራጫ የሚመስል መደብ ይሆናል። ቀይ ስላልሆነ ቀላል ነው ብሎ ማለፍ ስህተት ነው። እንዲህ ባለው ሕፃን ላይ ከቀለሙ ይልቅ ሌሎቹን ምልክቶች መያዝ ይበጃል፦ ቆዳው ሲዳሰስ ይሞቃል ወይ? ወዝ እንደተቀባ ያብረቀርቃል? ጠርዙ ላይ ቅርፊት አለ? ነጥቦቹ በጣት ሲዳሰሱ እብጥ ይላሉ? ሲጠረግ ሕፃኑ ይሸሻል? ቦታውን በመስኮት ብርሃን ማየት በማታ አምፖል ከማየት የተሻለ ነው።

ተራው ሽፍታ እንዴት እንደሚጀምር ማወቅ ሕክምናውን ያቀላል። ቆዳ ከላይ ስስ ሆኖም ጠንካራ የሆነ ሽፋን አለው። ልብስ ሲያጥብ የዋለ ሰው የጣቱ ጫፍ እንደሚጨማደድና እንደሚልም ሁሉ፣ በእርጥብ ዳይፐር የተዘጋ ቆዳም ውኃ ይጠጣል፣ ይላላል፣ ከዚያ ቀላል መታሸት ይልጠዋል። ሽንት ብቻውን ይህን ያህል ጎጂ አይደለም። ዋናው ጉዳት የሚመጣው ሽንትና ዓይነ ምድር ሲገናኙ ነው።

ይህ ለረጅም ጊዜ በሌላ መንገድ ነበር የሚታሰበው። እ.ኤ.አ. በ1921 ኩክ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በሽንት ውስጥ ያለውን ዩሪያ ወደ አሞኒያ የሚቀይር ባክቴሪያ ከሕፃናት ዓይነ ምድር ለይቶ አወጣ። ጠዋት ዳይፐር ሲከፈት አፍንጫ የሚወጋው ሽታ አሞኒያ ስለሆነ፣ ቆዳውን የሚያቃጥለውም እርሱ ራሱ ነው ተብሎ ለአሥርት ዓመታት ታመነ። በ1970ዎቹ ግን ሽፍታ ያለባቸውና የሌለባቸው ሕፃናት ሲነጻጸሩ በአሞኒያው መጠን ልዩነት አልተገኘም። በ1980ዎቹ የተደረጉ ጥናቶች የጎደለውን ሞሉት። ጤናማ ቆዳ ትንሽ ኮምጣጣ ነው። አሞኒያ ያንን ኮምጣጣነት ያጠፋዋል። ኮምጣጣነቱ ሲጠፋ ደግሞ በዓይነ ምድር ውስጥ ያሉ፣ ፕሮቲንና ስብ የሚፈጩ ኢንዛይሞች ሥራቸውን ያጧጡፋሉ። እነዚህ ኢንዛይሞች በአንጀት ውስጥ ምግብ እንዲፈጩ የተሠሩ ናቸው፤ በዳይፐር ውስጥ ያገኙት ግን የሕፃኑን ቆዳ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። ሽንት ያለበትን ዳይፐር ከመቀየር ይልቅ ካካ ያለበትን ወዲያው መቀየር ይቀድማል፤ ሁለቱ ተደባልቀው በቆዩ ቁጥር ጉዳቱ ይጨምራል። ሁለተኛ፣ ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ሽፍታ በፍጥነት የሚይዘው ለምን እንደሆነ ይገባል። ቶሎ ቶሎ የሚወጣው ዓይነ ምድር ኢንዛይሞቹ ገና ሳይዳከሙ ነው የሚደርሰው። የእናት ጡት ብቻ የሚጠባ ሕፃን ዓይነ ምድር ይበልጥ ኮምጣጣ ስለሆነ በዚህ ረገድ ይሻላል። ሽፍታው በብዛት የሚታየው ከ9 እስከ 12 ወር ባለው ዕድሜ መሆኑም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ተጨማሪ ምግብ ተጀምሯል፣ ዓይነ ምድሩ ተለውጧል፣ ሕፃኑም መቀመጥና መዳህ ስለጀመረ መታሸቱ በዝቷል።

ካንዲዳስ ከየት ይመጣል? ብዙ ጊዜ ከራሱ ከሕፃኑ አንጀት። በብዙ ጤነኛ ሕፃናት ሆድ ውስጥ በጥቂቱ ይኖራል፣ ከዓይነ ምድር ጋርም ይወጣል። ደረቅና ያልተላጠ ቆዳ ላይ ቢያርፍ ምንም አያደርግም። ቆዳው በተራው ሽፍታ ከተላጠና ለቀናት እርጥብ ሆኖ ከቆየ ግን ቦታ ያገኛል። ለዚህ ነው ሐኪሞች ከ3 ቀን በላይ የቆየ የዳይፐር ሽፍታ ሲያዩ ፈንገስ ተጨምሮበት ሊሆን እንደሚችል የሚጠረጥሩት። አንቲባዮቲክ ደግሞ መንገዱን ይጠርግለታል፤ ካንዲዳን ተሻምተው ልክ ያስያዙትን የአንጀት ባክቴሪያዎች ይገድላልና። የሚያጠባ እናት አንቲባዮቲክ ስትወስድም ይህ ሊከሰት ይችላል።

አንድ የተለመደ አካሄድ እስከ መጨረሻው መከተል ነገሩን ያጠራዋል። የ9 ወር ሕፃን ጆሮው ታሞ አሞክሳሲሊን ሽሮፕ ታዘዘለት እንበል። በሦስተኛው ቀን ካካው ይቀጥናል፣ በቀን አምስትና ስድስት ጊዜ ይላል። በማግስቱ የቂጡ ጉብታ ይቀላል፣ ብሽሽቱ ግን ንጹሕ ነው። ይህ ተራው ሽፍታ ነው። እናቱ ዳይፐሩን ቶሎ ቶሎ ትቀይራለች፣ ቫዝሊን ወፈር አድርጋ ትቀባለች፣ የቂጡ ቀይም ትንሽ ይቀንሳል። በሰባተኛው ቀን ግን ብሽሽቱ ውስጥ የጠለቀ ቀይ ይወጣል። በሁለት ቀን ውስጥ ከሆዱ ሥር እስከ ጭኑ ነጥብ ነጥብ ይታያል። ሕፃኑ ጡት ሲይዝ ቶሎ ቶሎ ይለቃል፤ አፉ ሲከፈት በጉንጩ ውስጥና በምላሱ ላይ የተፋቀ ወተት የመሰለ፣ በጨርቅ ሲጠረግ ግን የማይለቅ ነጭ ነገር አለ።

የእናቲቱ የመጀመሪያ እርምጃ ትክክል ነበር። ሽፍታው መልኩን የቀየረበትን ቀን ማስተዋል ነው ቀሪው ሥራ። በሰባተኛው ቀን እጥፋቱ ሲያዝ ቫዝሊኑን ማወፈር ብቻ በቂ አይሆንም። የጤና ባለሙያ ካየው በኋላ የሚታዘዘው ብዙውን ጊዜ ኒስታቲን፣ ክሎትሪማዞል ወይም ማይኮናዞል የሚባል የፈንገስ ቅባት ነው። ቦታው ታጥቦ ከደረቀ በኋላ መድኃኒቱ በስሱ፣ በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ በእጥፋቱ ውስጥ ጭምር ይቀባል። መከላከያው ቅባት ከመድኃኒቱ በላይ ይደረባል፤ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ መድኃኒቱ ቆዳው ጋ አይደርስም። በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ መሻሻል መታየት አለበት። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ቀዩ ሲጠፋ ቱቦው ይከደናል፣ ከሳምንት በኋላ ሽፍታው ይመለሳል። መድኃኒቱ ቆዳው ንጹሕ መስሎ ከታየም በኋላ ባለሙያው እንዳዘዘው ለጥቂት ቀናት መቀጠል አለበት።

የዚህ ሕፃን አፉም መታከም አለበት። አፉ ውስጥ ያለው ፈንገስ ከተተወ በየዕለቱ እየተዋጠ፣ በአንጀት አልፎ ወደ ዳይፐሩ ይመለሳል። የእናቲቱ የጡት ጫፍ ከተሰነጠቀ፣ ከቀላ ወይም ሲጠባ እንደ መርፌ የሚወጋት ከሆነ እርሷም አብራ መታከም ይኖርባታል፤ አለዚያ እናትና ልጅ እየተቀባበሉት ይከርማሉ። የታዘዘውን አንቲባዮቲክ ግን በሽፍታው ምክንያት በራስ ፈቃድ ማቋረጥ አይገባም። ተቅማጡ ከበረታ ደግሞ መጀመሪያ የሚያሳስበው ቆዳው ሳይሆን የሕፃኑ ፈሳሽ ማነስ ነው፣ ኦ አር ኤስ እና ዚንክ የሚሰጥበትን መንገድ ጤና ጣቢያው ያሳያል።

ለሁለቱም ሽፍታዎች የሚጠቅመው የዕለት እንክብካቤ አንድ ነው፤ ግን በዝርዝሩ ላይ ብዙ ይበላሻል። ካካ እንደወጣ መቀየር፤ በሌላው ጊዜ በየሁለትና በየሦስት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ሽፍታው እስኪድን ቢያንስ አንድ ጊዜ። ማጠቢያው ለብ ያለ ውኃና ለስላሳ ጨርቅ ወይም ጥጥ ነው። ሳሙና በየቅያሪው አያስፈልግም፣ የቆዳውን ኮምጣጣነት እርሱም ያጠፋልና። ሽታ ወይም አልኮል ያለበት እርጥብ መጥረጊያ የተላጠ ቆዳን ያቃጥላል። ከዚያ መፈተግ ሳይሆን በጨርቅ ጫን ጫን አድርጎ ማድረቅ፣ እጥፋቱንም ገልጦ ማድረቅ።

መከላከያ ቅባቱ ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት ወፍራም ነጭ ቅባት ወይም ቫዝሊን ሊሆን ይችላል። ስስ ሆኖ ከተቀባ አንድ ሽንት ያጥበዋል። ቆዳው ከሥሩ እስከማይታይ ድረስ መወፈር አለበት። በሚቀጥለው ቅያሪ ላይ ደግሞ ዓይነ ምድር የነካውን የላይኛውን ንብርብር ብቻ አንስቶ፣ ከታች የቀረውን ንጹሕ ቅባት ሳይነኩ አዲስ መደረብ ይሻላል። ነጩን እስኪለቅ ድረስ በየጊዜው የሚፈትግ እጅ ሊድን የጀመረውን ቆዳ እንደገና ይልጠዋል።

ዋጋው ነው ሌላው ጉዳይ። ብዙ ቤተሰብ ዳይፐር ውድ ስለሆነ አንዱን ግማሽ ቀን ያቆየዋል። ይህን ከማድረግ ቀን ቀን የሽንት ጨርቅ እያደረጉ ቶሎ ቶሎ መቀየርና ዳይፐሩን ለሌሊትና ለመንገድ ማቆየት ለቆዳውም ለኪስም ይሻላል። ጨርቁ በሚታጠብበት ጊዜ የሳሙናው ቅሪት እስኪወጣ ድረስ ደጋግሞ ማለቅለቅና ፀሐይ ላይ ማድረቅ ያስፈልጋል፤ በጨርቁ ላይ የደረቀ የዱቄት ሳሙና ሽንት ሲነካው ይሟሟና ቆዳው ላይ ይሠራል። ከጨርቁ በላይ የሚደረግ ላስቲክ ግን እርጥበቱን አፍኖ ይይዛል፣ ሽፍታ ባለበት ወቅት ቢቀር ይመረጣል።

አገራችን ውስጥ ሕፃንን የጠዋት ፀሐይ የማሞቅ ልማድ አለ፤ ለዚህ ችግር ጥሩ አጋጣሚ ነው። ዳይፐሩ ወልቆ፣ ከሥሩ ነጠላ ወይም ፎጣ ተነጥፎ፣ መቀመጫው ለንፋስ ቢሰጥ እርጥበቱ ይለቃል። የሚያድነው አየሩ ስለሆነ ጨረሩ እስኪያቃጥል መጠበቅ አያስፈልግም። ብርድ ባለበት አገር ወይም በክረምት በቤት ውስጥ፣ በቀን ጥቂት ጊዜ አሥር አሥር ደቂቃ ቢደረግም ይሠራል።

አሁን ደግሞ ወደማይቀባው። በዳይፐር ሥር ያለ ቆዳ ስስ ነው፣ የተዘጋ ነው፣ ከተላጠ ደግሞ የተቀባውን ሁሉ ወደ ደም ያሳልፋል። እ.ኤ.አ. በ1972 ፈረንሳይ ውስጥ የሆነው ይህን በአሰቃቂ መንገድ አሳይቷል። አንድ የሕፃናት ዱቄት ሲመረት በስህተት ሄክሳክሎሮፊን የሚባል የጀርም ማጥፊያ ከ6 በመቶ በላይ ገብቶበት ለገበያ ቀረበ። ዱቄቱ የተነሰነሰባቸው ከ200 በላይ ሕፃናት ታመሙ፣ 36ቱ ሞቱ። መርዙ የገባው በቆዳ ነው፤ መቀመጫቸው ተልጦ የነበሩት ላይ ጉዳቱ በረታ። ቀድሞ በብዙ አገር ለሽፍታ ይነሰነስ የነበረው ቦሪክ አሲድም በዚሁ መንገድ ሕፃናትን መርዟል። ታልክ ዱቄት ደግሞ ቆዳውን ባይመርዝ እንኳ ሕፃኑ ሲተነፍሰው ሳንባውን ይጎዳል። ስለዚህ ዱቄት ጨርሶ ባይነሰነስ ይሻላል።

ዛሬ በየሰፈሩ ይበልጥ የሚያሰጋው ሌላ ነው። ቤታሜታዞንና የመሳሰሉት ጠንካራ የስቴሮይድ ቅባቶች፣ ወይም ስቴሮይድ፣ አንቲባዮቲክና የፈንገስ መድኃኒት በአንድ ቱቦ የተቀላቀሉባቸው ቅባቶች ያለ ማዘዣ ይገዛሉ። በመጀመሪያው ቀን ተአምር ይመስላሉ፤ ቀዩ በአንድ ሌሊት ይደበዝዛል። ስቴሮይድ ብግነቱን ያጠፋዋል፣ ፈንገሱን ግን አይገድልም። የቆዳውን መከላከያ ስለሚያዳክም ካንዲዳው ከሥር ይሰፋል። በዳይፐር ተሸፍኖ ለሳምንታት ሲቀባ ቆዳው ይሳሳል፣ ይሸነታተራል፣ መድኃኒቱም ወደ ደም ገብቶ የሕፃኑን ሆርሞኖችና ዕድገቱን ሊያውክ ይችላል። ሐኪም አንዳንዴ ደካማ ሃይድሮኮርቲዞን ለጥቂት ቀናት ያዝዛል፤ ያ በልክና በክትትል የሚደረግ ነው። ከጎረቤት የመጣ ስሙ ያልታወቀ ቱቦ ከዚያ ጋር አንድ አይደለም።

ቅቤን በተመለከተ፣ ጤነኛ ቆዳን ማሸት ለብዙ ቤተሰብ የቆየ ልማድ ነው። የተላጠና ያዠ ቆዳ ላይ ግን ያልነጠረ ለጋ ቅቤ ጀርም ይዞ ሊገባ ይችላል። ሰማያዊው ጂቪ ደግሞ ፈንገስ ቢገድልም የተላጠ ቆዳን ይቆጠቁጣል፣ ቀለሙም ሽፍታው እየዳነ ወይም እየባሰ መሆኑን ይሸፍናል። ከእርሱ የተሻሉ መድኃኒቶች አሉ።

አብዛኛው የዳይፐር ሽፍታ በቤት ይድናል። ወደ ሐኪም የሚያስኬዱት ምልክቶች ግን ከመጀመሪያው መታወቅ አለባቸው፤ አንዳንዶቹ ማግስቱን አይጠብቁምና።

በዕድሜ እንጀምር። ከ2 ወር በታች ያለ ሕፃን መቀመጫው ላይ ውኃ የቋጠረ ፊኛ ወይም መግል የያዘ ብጉር ከታየበት በቤት ቅባት መሞከር አይገባም፣ በዚያው ቀን መታየት አለበት። ጡት መጥባት ከቀነሰ ወይም ካቆመ፣ ከወትሮው ይልቅ ዝሎ ከተኛ፣ ሰውነቱ ከሞቀ ወይም ከተለመደው ውጭ ከቀዘቀዘ፣ አተነፋፈሱ ከፈጠነ፣ ካንቀጠቀጠው ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው። በዚያ ዕድሜ የቆዳ ኢንፌክሽን በሰዓታት ውስጥ ወደ ደም ሊገባ ይችላል። ለጤና ባለሙያዎች በተዘጋጀው የሕፃናት ሕክምና መመሪያ በብብት የተለካ 37.5 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከ2 ወር በታች ላለ ሕፃን እንደ አደጋ ምልክት የሚቆጠረው ለዚህ ነው።

በማናቸውም ዕድሜ ደግሞ ሽፍታው ላይ ውኃ የቋጠሩ ፊኛዎች ወጥተው ሲፈነዱ የተላጠ ክብ ቦታ የሚተዉ ከሆነ፣ ወይም የማር ቀለም ያለው ቅርፊት ከጋገረ፣ መግል ከፈሰሰ፣ ቆዳው አብጦ ከጠነከረ ባክቴሪያ ገብቷል ማለት ነው፤ ይህን የፈንገስ ቅባት አይነካውም። አንድ ብዙ ጊዜ የሚሳት ዓይነትም አለ፤ ቀዩ በፊንጢጣው ዙሪያ ብቻ ክብ ሆኖ፣ ጠርዙ ተለይቶ ይታያል፣ ሕፃኑ ካካ ሲል ያለቅሳል ወይም ይይዘዋል፣ አንዳንዴ ጠብታ ደም አለ። ፈንገስ ተብሎ ለሳምንታት ሊታከም ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ ግን መንስኤው ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ስለሆነ የሚዋጥ አንቲባዮቲክ ይፈልጋል።

ሦስተኛው የጊዜ ጉዳይ ነው። ትክክለኛ እንክብካቤ እየተደረገለት ተራው ሽፍታ በ3 ቀን ውስጥ ካልቀነሰ፣ ወይም የፈንገስ መድኃኒት ተጀምሮ በሳምንት ውስጥ ካልለቀቀ፣ ምርመራው እንደገና ይታይ። ሶሪያሲስ ወይም ሌላ የቆዳ በሽታ ሊሆን ይችላል። ደም የሚያዣ ወይም ጎድጓዳ ቁስል ከተፈጠረም እንዲሁ።

በመጨረሻ፣ ሽፍታው ከዳይፐሩ ወሰን ከወጣ ዓይን ወደ መላው ሕፃን መዞር አለበት። መቀመጫው ላይ ያለው ዓይነት ቅርፊታማ ቁስል በአፉ ዙሪያ፣ በጣቶቹና በእግሮቹ ጫፍ ከታየ፣ ፀጉሩ ከሳሳ፣ ተቅማጥ ካለበትና ነጭናጫ ከሆነ በሰውነቱ ውስጥ ዚንክ አንሶ ሊሆን ይችላል። አንዳንዱ ሕፃን ዚንክን ከምግብ የመውሰድ ችሎታው በዘር የጎደለ ነው፣ ይህም ብዙ ጊዜ ጡት ሲተው ይገለጣል። ዚንክ በበቂ መጠን ሲሰጠው በቀናት ውስጥ መሻሻል ይጀምራል፤ ካልታወቀለት ግን ለሞት ሊያደርስ ይችላል። የእግር እብጠትና የቆዳ መላላጥ አብረው ከታዩ የከባድ ምግብ እጥረት ምልክት ናቸው። የአፍና የዳይፐር ፈንገስ ታክሞ ታክሞ የሚመለስበት፣ ክብደቱ የማይጨምር፣ ደጋግሞ የሚታመም ሕፃን ደግሞ የበሽታ መከላከል አቅሙ መመርመር አለበት፤ የኤች አይ ቪ ምርመራም በዚህ ውስጥ ይካተታል።

ሐኪም ዘንድ ሲኬድ የተቀቡትን ቱቦዎች ሁሉ ይዞ መሄድ ትልቅ እርዳታ ነው፣ ስማቸው የተፋቀም ቢሆን። ሽፍታው የጀመረበት ቀን፣ መጀመሪያ የታየበት ቦታ፣ ከዚያ በፊት የተወሰደ አንቲባዮቲክ፣ አዲስ የተጀመረ ምግብ፣ የተቀየረ የዳይፐር ወይም የሳሙና ዓይነት ቢነገር ሐኪሙ ግማሹን መንገድ ይሄዳል። ከመሄድ በፊት ቦታውን በወፍራም ነጭ ቅባት አለመሸፈን ይመረጣል፤ ካልሆነ ሲቀላ የተነሳ ፎቶ ማሳየት ይቻላል።

ከዳነ በኋላም ብዙ ወላጆችን የሚያስደነግጥ አንድ ነገር ይቀራል። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ፣ በተለይ ከካንዲዳ በኋላ፣ ሽፍታው የነበረበት ቦታ ነጣ ይላል ወይም ከአካባቢው ይጠቁራል። ለምጽ ነው ብለው የሚጨነቁ፣ ፈንገሱ አልጠፋም ብለው መድኃኒቱን ለወራት የሚቀጥሉ አሉ። ቆዳው ለስላሳ ከሆነ፣ ቅርፊትና ነጥብ ከሌለው፣ ሕፃኑንም ካላሳከከው የቀረው ቀለም ብቻ ነው፤ በሳምንታት፣ አንዳንዴም በወራት ውስጥ በራሱ ይመለሳል እንጂ ቅባት አይፈልግም። ነጣ ያለው ቦታ እየሰፋ ከሄደ፣ ወይም ዳይፐር በማይነካው ሌላ የሰውነት ክፍል ላይም ከወጣ የቆዳ ሐኪም ይየው።